ዘጠነኛው ተራ ቁጥር

ሆስፒታሉ ውስጥ በእናት አባቷ ስም የሚጠራት ሰው እምብዛም አልነበረም። ሁሉም «ሲስተር ማኅተም» ይላታል። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት ባይታወቅም ምክንያቱን ግን በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ሳይቀር ያውቀዋል። የዓመት ፈቃድ ይሁን የዝውውር፣ የደረጃ ዕድገት ይሁን የጡረታ፣ በእርሷ ዓይን ሥር ሳያልፍ ከግቢው የወጣ ቅጽ ገና ያልተሞላ ያህል ይቆጠራል። ነርሶቹ በሻይ ሰዓት ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። እርሷ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ ታወርድና፣ «እዚህ ጋ ጭረት አድርጊ፤ ባዶ አይተውም። ይኼን ደግሞ እንዳትነኪው፣ ለቢሮ ነው» ትላለች። ሰው ከወረቀት ይልቅ ወረቀት የሚያውቅ ሰው ያስፈራዋልና ያከብሯታል፤ ፍቅር ግን ከክብር ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

ክብሩም ቢሆን ውስጡን ነቀዝ የበላው ነበር። የሰውን ሁሉ ቅጽ የምታቃና ሴት የራሷ ቅጽ ከሦስት ዓመት በፊት ወድቆባታል። ለሰመመን ሕክምና ሥልጠና አመልክታ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከታካሚው ራስጌ ቆሞ እንቅልፉን የሚጠብቀውን፣ ትንፋሹን በጣቱ ጫፍ የሚቆጥረውን ባለሙያ ለመሆን። ይህን ሥራ እንደ ሌላ ሴት ትዳር ተመኝታዋለች። መስፈርቱ በቀዶ ሕክምና ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያንስ ሁለት ዓመት መሥራት ሲሆን እርሷ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ ከዚያ በላይ ቆማለች። ሆኖም በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀች። የደረሳት ወረቀት «መስፈርቱን ስላላሟሉ» ከሚል አንድ ሐረግ በቀር ትንፍሽ አላለም።

ትንፍሽ የማይል ወረቀት ለቂም የተመቸ ማሳ ነው። ማኅተም ያለ ጥርጥር የዘመድ ሥራ ነው አለች። የአንዱ ሹም ምራት፣ የሌላው የሚስት እህት እንደ ገቡ ለሰማትም ላልሰማትም አወራች፤ ይህንን ስታወራ ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ማስታወቂያው እንደገና ሲወጣ ከመስፈርቶቹ መሐል «ዕድሜ ከአርባ ያልበለጠ» የሚል ተጨመረ። እርሷ አርባ ሁለት ሞልቷት ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ከዚያም አጠገቧ ለቆመችው አዋላጅ «የሰዋስው ስሕተት አለበት» ብላት ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቷ ቡናማ ፖስታ በብብቷ ሸጉጣ ወደ እናታቸው ቤት ገባች።

ሚጡ ይሏታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሁንም ሚጡ ናት። በዚያው ሆስፒታል ነርስ ስትሆን፣ በዚህች ልጅና በዓለም መካከል ያለው ነገር ሁሉ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፤ የነካችው ይንሸራተትላታል። ማኅተም ሌሊቱን ሙሉ ደሙን ያቆመችለት በሽተኛ ሲነጋ ዓይኑን ገልጦ «ያቺ ሳቂታዋ ልጅ የለችም?» ይላል። ሐኪሞቹ ማኅተምን «እርስዎ» ይሏታል፤ ሚጡን ደግሞ ከምሳቸው ቆርሰው ያጎርሷታል። እናታቸውም ብትሆን ታላቋ ስትገባ «ዳቦ ገዛሽ?» ስትል፣ ታናሿ ስትገባ ግን «በላሽ?» ትላለች። በሁለቱ ጥያቄዎች መሐል ያለውን ርቀት ሰፍሮ የሚያውቅ የበኩር ልጅ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ልትገድዪኝ ነው አይደል?» አለች ሚጡ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«አመለከትኩ። ማለቴ ላመለክት ነው። ለሰመመን።»

ማኅተም የምታጣጥፈውን የሥራ ልብስ እጅጌ አቃንታ እንደገና አጣጠፈችው። አራት ማዕዘን ሆኖ የነበረው ልብስ በእጇ ላይ ሦስት ማዕዘን ሆነ።

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ሰኞ። ቅጹን ሳየው አዞረኝ፤ አንዱ መመሪያ ሙላ ይላል፣ ሌላው ተው ይላል። የጻፉት ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ናቸው መሰለኝ።»

እናታቸው ከሶፋው ላይ ክር እየጠቀለለች፣ «አይዞሽ፣ እህትሽ እያለች!» አለች። «ሰው ሁሉ ከሩቅ እየመጣ ያስሞላታል፤ አንቺማ ቤትሽ ቁጭ ብላልሽ! ጨው ያለበት ቤት ጨው አይበደርም።»

«እሺ፤ እጅሽን ታጠቢ» አለች ማኅተም። «ወረቀት ላይ ቅባት እንዳታሳርፊ። እስክሪብቶ ጥቁር ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ጥቁር ነው የሚለው። ገጽ አንድ፣ ሦስተኛው መስመር።»

ቅጹን ሳታየው ነበር የተናገረችው። ወረቀቱ ካለፈው አልተለወጠም፤ እርሷም እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች።

ፊት ለፊት ተቀመጡ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፤ በየሳጥኑ አንድ ፊደል፣ በስምና በስም መሐል አንድ ሳጥን ባዶ። ሚጡ የአያታቸውን ስም ልትጨርስ ስትል ሳጥኑ አለቀባት።

«አያታችንን አንገቱን ቆረጥኩት እትዬ!»

«አትሳቂ። ትርፉን ከሳጥኑ ውጭ በዚያው መስመር ቀጥዪበት። ከሥሩ ከጻፍሽው የሌላ ተራ ቁጥር መልስ ይመስላቸዋል።»

ተራ ቁጥር ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። የፊተኛው ገጽ «በስቴፕለር ይያያዝ» ይላል፤ ፎቶው የሚለጠፍበት ሳጥን ውስጥ ግን በደቃቁ «በሙጫ ብቻ» ተብሏል። ማኅተም ሙጫውን አመጣች፤ ስቴፕለር ፊትን ይበሳል፣ ፊቱ የተበሳ ሰው ማን እንደ ሆነ አይለይም አለች። ተራ ቁጥር ሦስት የትውልድ ዘመን፤ ሳጥኖቹ ዓመትን ያስቀድማሉ፣ ከላያቸው ያለው ጽሑፍ ቀንን ያስቀድማል። «ሳጥኑን ተከተዪ፤ አራት ሳጥን ለቀን አይሰጥም» አለቻት። ተራ ቁጥር አምስትን ሚጡ ልትሞላ ብዕሯን ስታወርድ ማኅተም እጇን ቀብ አደረገቻት፤ ለቢሮ ነው። ሚጡ የታላቋን እጅ ይዛ ሳመችው።

«አንቺ ባትኖሪ እኮ እኔ እስካሁን ቢሮ ሆኜ ነበር!»

እናቲቱ ሳቀች። ማኅተምም ልትስቅ ቃጣት። የተመሰገነ ሰው ለቅጽበት ደግ ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት እህቷ እንድትገባ የወደደች መስሏት ነበር። ታላላቅ እህቶች የሚኖሩት በእንዲህ ያሉ ቅጽበቶች ነው፤ ጉዳቱ ቅጽበቶቹ አጭር መሆናቸው ነው።

ተራ ቁጥር ስምንት «ለሥልጠናው ያመለከቱበት ምክንያት» ነበር። ሚጡ አንዴም ሳትሰርዝ ጻፈች፤ ስትጨርስም ጮኽ ብላ አነበበችው። ከሁሉም ሥራ ደስ የሚላት ሰው ሲነቃ የመጀመሪያውን ፊት ማየቱ እንደ ሆነ፣ ያ ፊት የእርሷ እንዲሆን እንደምትፈልግ ጽፋለች።

ማኅተም መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። እርሷ በዚያች ሳጥን የጻፈችው ትዝ አላት፤ «የሙያ ብቃቴን በማሳደግ ለተቋሙ የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት።» ሦስት ጊዜ አርቅቃ፣ አንድ ስሕተት የሌለበት፣ አንድ ሕይወትም የሌለበት። ለዓመታት በልቧ ውስጥ የነበረውን ነገር፣ የሰው ነፍስ ተመልሳ ስትመጣ በር ላይ መቀበልን፣ ይህች ልጅ ያለ ድካም ከአየር ላይ ቀጥፋ ወረቀቱ ላይ አኖረችው። በዚህ ጊዜ ቅናቷ እንደ ሐሞት ሳይሆን እንደ ጥማት ነበር፤ የራሷን ውኃ ሌላ ሰው ሲጠጣው የምታይ ያህል።

«ምነው፣ አይሆንም?»

«ይሆናል። ቀጥዪ።»

ተራ ቁጥር ዘጠኝ የሥራ ልምድ ነው። ስድስት መስመር ያለው ሠንጠረዥ፤ ከ፣ እስከ፣ የቀጣሪ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ኃላፊነት። የፊተኛው ገጽ አጠቃላይ መመሪያ በደማቁ፣ «ለአንድ ቀጣሪ ከአንድ መስመር በላይ አይጠቀሙ» ይላል። ከሠንጠረዡ ግርጌ ደግሞ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ «በአንድ ተቋም ውስጥ የሥራ ክፍል የቀየሩ አመልካቾች እያንዳንዱን ክፍል በየመስመሩ ይግለጹ» የሚል አለ።

ሚጡ ሁለቱን አነበበችና ብዕሯን ነከሰች። «እንግዲህ ኑና ገላግሉኝ! ይኼ ‹አንድ መስመር› ይላል፤ ይኼ ‹በየመስመሩ› ይላል። የትኛው ነው ጌታ?»

ማኅተም አፏን ከፈተች።

መልሱን ታውቀዋለች። ማለት፣ እንደምታውቀው እርግጠኛ ናት። በደማቅ የተጻፈ ከደቃቁ ይበልጣል፤ የፊት ገጽ ከግርጌ ይቀድማል። እርሷም ስትሞላ በአንዲት መስመር፣ ከተመረቀችበት ዓመት እስከዚያ ቀን፣ የሆስፒታሉን ስም፣ «ነርስ» ብላ፣ የቀሩትን አምስት መስመሮች በማስመሪያ በተሠመረ ቀጥ ያለ ጭረት ዘግታቸዋለች። ያንን ገጽ ዛሬም ስታስበው ያምራል። አንድን ሆስፒታል ሦስት ጊዜ የሚደጋግም ሰው ግን አገልግሎቱን ለማብዛት እንዳጭበረበረ ተቆጥሮ ከመጀመሪያው ማጣሪያ እንደሚጣል አልተጠራጠረችም። ለስንቱ ነርስ እንዲህ ብላ አስረድታለች!

ሚጡ ግን መልስ አልጠበቀችም። «ቆይ» አለች በጣቷ ሠንጠረዡን እየለካች፤ «ስድስት መስመር ሰጥተውናል። በዚህ ዕድሜ ስድስት ቀጣሪ ያለው ነርስ የት ነው ያለው? ስድስት ጊዜ የተባረረ ካልሆነ! ለክፍሎቹ ነው ማለት ነው። በየመስመሩ ልጻፈው አይደል እትዬ?»

ቀና ብላ አየቻት። ዓይኖቿ እንደ ድሮው፣ ፊደል ስትቆጥር «ይኼ ‹ሀ› ነው አይደል?» የምትልባቸው ዓይኖች ነበሩ።

ማኅተም የከፈተችውን አፏን ዘጋችው። ትንሽ ነገር ናት፤ ከንፈር ከከንፈር መግጠም። አዎ አላለችም፣ አይሆንም አላለችም። ጎንበስ ብላ የሙጫውን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች።

ሚጡ ጻፈች። በመጀመሪያው መስመር ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሁለተኛው ድንገተኛ ክፍል፣ በሦስተኛው ተኝቶ ሕክምና። ሦስት ጊዜ የአንዱን ሆስፒታል ስም። እያንዳንዷ ፊደል ስትወርድ ማኅተም በሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ሲላላ ይሰማት ነበር፤ ክፉ ነገር ነው፣ ግን እንደ ጠባብ ጫማ ማውለቅ ደስ ይላል።

የመጨረሻው፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ «ይህን ቅጽ በመሙላት የረዳ ሰው ካለ ስምና ፊርማ» ይላል።

«እንዴ፣ ይኼማ ያንቺ ነው!» አለች ሚጡ ደስ ብሏት፤ የእህቷንም ሙሉ ስም በሚያምር ጽሕፈት አሰፈረች። «ፈርሚልኝ።»

«ግዴታ አይደለም፤ ‹ካለ› ነው የሚለው።»

«አለሻ!»

«ፈርሚላት እንጂ» አለች እናቲቱ፤ «ፊርማሽን ልትሸጪው ነው?»

ማኅተም ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማኅተም ደግ ሆነች። የሚጡን የሥራ ልብስ አጠበችላት፣ በሁለት ፈረቃ ተካችላት፣ እናቷ ፊት «ጎበዝ ልጅ ናት እኮ» አለች። ሰው የቀበረውን ሊያለቅስለት ይወዳል፤ እርሷም እህቷን በልቧ አስቀድማ ቀብራ ልቅሶውን እያጣጣመች ነበር። ሲጥሏት ምን ብላ እንደምታጽናናት እንኳ አዘጋጅታለች፤ «አየሽ ሚጡዬ፣ ዘመድ ከሌለሽ እንዲህ ነው።» ሁለቱ ያን ጊዜ እኩል ይሆናሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ወረቀት የያዙ ሁለት እህቶች። ይህ ምኞት ከክፋት ይልቅ ናፍቆት ይመስላት ነበር።

እናቷ አንድ ቀን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ «አንቺ፣ ምን ነካሽ?» አለቻት። «ታመምሽ እንዴ? ደግነት እንዲህ በአንዴ አይወጣም፤ እንደ ኩፍኝ አወጣሽ እኮ።»

ዝርዝሩ የተለጠፈው በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ነበር። ማኅተም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆና ጩኸቱን ሰማችው፤ ወዲያው ሚጡ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ነጭ ልብሷ የሳሙና ሽታ ነበረው፤ ማኅተም ራሷ ያጠበችው ልብስ።

«ገባሁ! እትዬ፣ ገባሁ!»

«የት?» አለች ማኅተም፤ ሞኝ ጥያቄ መሆኑን እያወቀች።

«አንደኛው ማጣሪያ፣ ቃለ መጠይቁ፣ ሁሉም አለፈ! ማጣሪያውንም ቃለ መጠይቁንም ሳልነግርሽ ደብቄሽ ነበር፣ ድንገት ላስደስትሽ።» ሚጡ ትንፋሽ ሰብስባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታውቂያለሽ? ያቺን ሠንጠረዥ ስሞላ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ግን ፊትሽን አየሁት። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ መቼም ዝም አትዪኝም። ዝም ስትዪ ነው ልቤ ያረፈው።»

ማኅተም «እንኳን ደስ አለሽ» አለች።

ዝርዝሩ ሥር «ቅሬታ ያለው አመልካች ወይም ሠራተኛ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሥልጠና ክፍል ያቅርብ» ተብሎ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ማኅተም የሥልጠና ክፍሉን በር አንኳኳች። ለራሷ የነገረችው ነገር፣ መረጃ ለመጠየቅ ብቻ ነው የመጣሁት የሚል ነበር። ሆዷ ውስጥ ግን ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ «በመመሪያው መሠረት ለአንድ ቀጣሪ አንድ መስመር ሆኖ ሳለ፣ ሦስት መስመር የተጠቀመች አመልካች እንዴት አለፈች?» ስም አትጠራም። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ይጠራላታል። ወይ እኔን ባንድ ሕግ ጥለው እርሷን በሌላ ሕግ አሳልፈዋል፣ ወይ ደግሞ ሳቋ እዚህም ቢሮ ደርሷል፤ እንዲህ ነበር ሐሳቧ።

ኃላፊው ራሰ በራ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የጠቀለለ ሰው ነው። ወደ ክፍሉ ከተዛወረ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። በፋይሎች ተራራ መሐል ቀና አለ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ ሲስተር። ምን ልታዘዝ?»

«ስለ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ነበር» አለች ማኅተም። «ስለ ሥራ ልምዱ ሠንጠረዥ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ወርወር አድርጎ ወደ ኋላ ተደገፈ። «አይ ተራ ቁጥር ዘጠኝ! እርስዎም ደረሱበት? ያ ሠንጠረዥ እኮ ነው የሚያስለቅሰን። ቆይ፣ እርስዎ...» ፊቷን አተኩሮ አየ፤ ከደረደረው ፋይል አንዱን መዝዞ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ የዚችን ልጅ ቅጽ ያስሞሉት? ስምዎ እዚህ አለ፤ ፊርማዎም።»

ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ የራሷ ፊርማ፣ ጥቁር፣ ያልተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ጥያቄ አለዎት? ሊያስተምሩኝ ካልመጡ በቀር! ከዚህ ሆስፒታል ከመጣው ቅጽ ሁሉ ይህንን ሠንጠረዥ በትክክል የሞሉት ጥቂት ናቸው። ይመልከቱ።» ወረቀቱን ወደ እርሷ አዞረው። «ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር። ሁለት ዓመቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ በመጀመሪያው ማጣሪያ ሰውየውን አናውቀውም፤ ወረቀቱን ብቻ ነው የምናየው። ሌላው ምን ያደርጋል? የፊቱን ገጽ ያነብና ዕድሜ ልኩን በአንዲት መስመር ይጠቀልለዋል። ‹ሆስፒታል፣ ነርስ፣ አሥር ዓመት።› የት ክፍል? አይታወቅም። መስፈርቱ ክፍል ነው የሚጠይቀው፤ ካልታየ አላሟላም ነው። ስንት ጎበዝ ነርስ በዚያች መስመር ገደል ገብቷል።»

«ግን በደማቅ የተጻፈው...» አለች ማኅተም፤ ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰላት።

«ደማቁ ለሁሉ ነው፤ የግርጌው ክፍል ለቀየረ ሰው ብቻ ነው። ለጉዳዩ ተለይቶ የተጻፈው ያሸንፋል። እውነት ለመናገር ግን ቅጹ ራሱ ክፉ ነው፤ ይታረም ብዬ ጽፌ መልስ የለም። እና ጥያቄዎ ምን ነበር?»

ማኅተም በዓይነ ልቦናዋ ያንን ቆንጆ ገጽ አየችው። አንዲት መስመር። ከሥሯ አምስት ቀጥ ያሉ ጭረቶች፣ በማስመሪያ የተሠመሩ። ከታካሚዎች ራስጌ የቆመችባቸውን ቀናት ሁሉ በገዛ እጇ የዘጋችባቸው። የማንም ምራት፣ የማንም የሚስት እህት አልነበረችበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠላቻቸው ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ከልቧ ወጡ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ እርሷና ማስመሪያዋ ቀሩ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በዚያ ቅዳሜ የታያትን እውነት ብትናገር፣ እንደ ደግ እህት «በአንድ መስመር ጻፊው» ብትል ኖሮ፣ ሚጡ ትሰማትና ትወድቅ ነበር። እህቷን ያሳለፋት ክፋቷ ነው። ምቀኝነቷ እንኳ ለሚጡ ይሠራል! እንደ ሐኪሞቹ፣ እንደ በሽተኞቹ፣ እንደ እናቷ፣ እርሱም ከምሳው ቆርሶ አጉርሷታል።

«ምንም» አለች ተነሥታ። «በትክክል መሆኑን ላረጋግጥ ነው።»

«ለሌሎቹም ያስተምሩልን እንጂ» አለ ሰውየው፤ ከልቡ ነበር።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሚጡ ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። የዋስትና ቅጽ። ሠልጣኙ ተመርቆ በተቋሙ ሊያገለግል ግዴታ ይገባል፤ ግዴታውን ባይወጣ የሚጠየቅ፣ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ዋስ ያስፈልገዋል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል፤ ያልተሟላ ሰነድ ያቀረበ ሰው ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

«እትዬ፣ እዚህች ጋ ፊርማሽን ብቻ፤ ነገ በጠዋት እኔ አደርሰዋለሁ። አንቺ አትልፊ፣ የዕረፍት ቀንሽ ነው።»

ማኅተም መነጽሯን አወረደች። የፊተኛው ገጽ፣ «ዋሱ ከዚህ በታች ይፈርም» ይላል። በልማዷ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ፣ በዚያችው ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ «የዋስ ፊርማ በሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ፊት ካልተፈረመ ቅጹ ዋጋ የለውም» ተብሏል።

ሚጡ ጀርባውን አላነበበችም። እናታቸው ክር ትጠቀልላለች። ያ የምታውቀው ዝምታ መጥቶ ምላሷ ላይ ተቀመጠ፣ ሙቅ ሆኖ፣ እንደ ለማዳ ድመት። ዛሬስ ልትሳሳት የምትችልበት ነገር የለም፤ የፊቱና የጀርባው ጽሑፍ አይጣሉም። አንዲት ፊርማ ብቻ፤ ነገ ጠዋት ሰውየው «ይኼ በፊቴ አልተፈረመም» ይላል፤ ዋሷ በዕረፍት ቀኗ የት እንዳለች ማንም አያውቅም፤ ሰዓቱ ያልፋል። የቀረው ከንፈር ከከንፈር መግጠም ነው።

ብዕሩን አነሣች። የእህቷን ፊት አየች። ሚጡም የእርሷን ፊት ታይ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው፤ መልሱን ከዚያ ልታነብ።

«አልፈርምም» አለች ማኅተም።

የሚጡ ፊት አመድ መሰለ። «እትዬ?»

«እዚህ አልፈርምም። ጀርባውን አንብቢ። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ወረቀት ሁለት ፊት አለው! ሰውየው ፊት ነው የሚፈረመው። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ በሩ ሳይከፈት እንድረስ።»

ሚጡ ገልብጣ አነበበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጉድ ሆኜ ነበር! እትዬ፣ አንቺ እኮ መልአክ ነሽ።»

«አፍሽን ያዢ» አለች ማኅተም፤ ከልቧ ተቆጥታ ነበር። ደግነት ይሁን አይሁን ራሷም አላወቀችውም። ዝምታዋን ግን አንዴ አምናው ለሚጡ አድሯል፤ ዳግም አታምነውም።

ከፊርማው በፊት ያሉትን ክፍት ቦታዎች መሙላት ጀመረች፤ እነርሱ እቤትም ይሞላሉ። ስም። የሥራ መደብ። ከአመልካቿ ጋር ያለ ዝምድና፤ «እህት»። ቀጥሎ «አመልካቿን ያወቁበት ጊዜ» ይልና ለዓመት ሁለት ሳጥን አለው። ብዕሩ እዚያ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ዕድሜዬ ጠፋሽ?» አለች ሚጡ።

እናቲቱ ከክሯ ቀና አላለችም። «ከተወለደችበት ዕለት ቁጠሪው» አለች። «ያን ቀን ዕቅፌ ላይ ብታዪያት እራት አልበላም ብለሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ አልነበር? አባትሽ ‹ምን ሆነሽ?› ቢልሽ፣ ‹ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገብቶ ነው› አልሽው። እስካሁን አልወጣልሽም እኮ፣ ልጄ።»

ሚጡ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። ማኅተም እናቷን አየቻት። አሮጊቷ ክሩን አንድ ዙር ጠቀለለች፣ ሌላም ዙር።

ማኅተም ጎንበስ ብላ በሁለቱ ሳጥኖች ውስጥ ሦስትና አንድ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ እንደገና አነበበች፤ ያመለጣት እንዳይኖር።